የሃያ ኩንታሉ ኖራ ሂሳብ

ስልኩ የተደወለው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ደዋይዋ ማቻከል ወረዳ የምትሠራ የልማት ሠራተኛ ናት። የኖራ ሙከራችንን ከሠራንባቸው ማሳዎች የአንዱን ገበሬ የምታውቀው እሷ ናት፤ የሙከራው ጽሑፍ በመጽሔት ሲታተም ቅጂ የላክሁላትም ለዚያ ነበር። እውነቱን ለመናገር ታነበዋለች ብዬ አልጠበቅሁም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። ጊዜ አለዎት?»

«ጠይቂ እንጂ።»

«ሰንጠረዥ 5 ላይ ለ20 ኩንታል ኖራ ጠቅላላ ወጪው 2,000 ብር ነው ይላል። በዚያ ዓመት ለገበሬዎቻችን ከደጀን ኖራ ያስመጣሁት እኔ ነኝ። ለ20 ኩንታል ለኖራው ብቻ 4,000 ብር ነው የከፈልነው። መኪናው ሲጨመር ደግሞ… ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?»

እሷማ ገብቷታል። ያልገባኝ እኔ ነበርኩ። «ቆይ ልየውና እደውልልሻለሁ» ብዬ ዘጋሁ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ስህተቱን ለማግኘት አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ወራት ፈጀ።

መጀመሪያ ሙከራው ምን እንደነበር ልንገራችሁ። የጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ቀይ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ማዳበሪያ ብትጨምርም ፎስፈረሱን አፈሩ አስሮ ይይዘዋል። መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። እኛም ለጤፍ አራት መጠን ሞከርን፦ ምንም ኖራ ያልገባበት፣ በሄክታር 10፣ 20 እና 30 ኩንታል። ምርቱ በሄክታር 1,100፣ 1,400፣ 1,550 እና 1,620 ኪሎ ሆነ። ኖራው ሲበዛ ምርቱ ይጨምራል፤ ጭማሪው ግን በየደረጃው እያነሰ ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ትክክል ነበር፤ አሁንም ትክክል ነው።

ጣጣው የመጣው ጽሑፉ ለግምገማ ከተላከ በኋላ ነው። አንደኛው ገምጋሚ «ኩንታል ዓለም አቀፍ መለኪያ አይደለም፤ ወደ ቶን ቀይሩት» አለ። ልክ ነው። ሁለተኛው ገምጋሚ ደግሞ «ኖራው ለገበሬው ያዋጣል ወይ? የወጪና ገቢ ትንተና ጨምሩ» አለ። እሱም ልክ ነው። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሠራሁ። የማስረከቢያው ቀን ደርሶ ነበርና ማታ ማታ ነበር የምሠራው።

የኖራውን መጠን በአንደኛው ገምጋሚ ትእዛዝ ወደ ቶን ቀየርኩ። 20 የነበረው 2 ሆነ። ከዚያ የወጪውን ሠንጠረዥ ስሠራ የኖራውን ዋጋ ከግዥ ደረሰኙ ላይ ወሰድኩ። ደረሰኙ እንደ አገራችን ልማድ በኩንታል ነው፤ 200 ብር። ቀመሩ ይህ ነበር፦

```
=B4*$H$2
```

`B4` 2 ነው፤ ቶን። `H2` 200 ነው፤ የአንድ ኩንታል ዋጋ። ውጤቱ 400 ብር። መሆን የነበረበት ይህ ነው፦

```
=B4*10*$H$2
```

4,000 ብር። አንድ ቶን 10 ኩንታል መሆኑን የማያውቅ የግብርና ሰው የለም። ኤክሴል ግን የቁጥሮቹን መለኪያ አይጠይቅም፤ አባዛ ካሉት ያባዛል።

ስህተቱ ዐሥር እጥፍ ሆኖ ሳለ ለምን አልታየም? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚደንቀኝ። የማጓጓዣውንና የመበተኛውን ወጪ በቀመር አላሰላሁትም። ከክፍያ ወረቀቶች ላይ በቀጥታ ነው የጻፍኩት፤ በኩንታል 80 ብር፣ ለ20 ኩንታል 1,600 ብር። ያ ትክክል ነበር። ስለዚህ ጠቅላላው 400 ሲደመር 1,600፣ 2,000 ብር ሆነ። ትክክለኛው 5,600 ብር ነው። ትክክለኛው ቁጥር ስህተቱን ሸፈነው። ጠቅላላው 560 ብር ብቻ ሆኖ ቢወጣ ኖሮ ማናችንም እንስቅበት ነበር። ባለ 2,000 ብሩ ግን ደህና ይመስላል። ሰንጠረዡ ላይ ያወጣነው ደግሞ ጠቅላላውን ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ የለም። ገምጋሚዎቹ ሊያዩት አይችሉም ነበር። ሊያየው የሚችለው ኖራ ከኪሱ የገዛ ሰው ብቻ ነው፤ ያየውም እሱ ነው።

አሁን ይህ የአንድ ሰንጠረዥ ስህተት እንዴት መደምደሚያውን እንደገለበጠው እንይ።

በእንዲህ ዓይነት ትንተና የሚጠየቀው «የትኛው ብዙ ያመርታል?» አይደለም። «ለጨመርኩት ለእያንዳንዱ ብር ስንት ተመለሰልኝ?» ነው። ሥራው በደረጃ ነው፤ ከ0 ወደ 10 ኩንታል ስወጣ ስንት አወጣሁ፣ ስንት አገኘሁ? ከ10 ወደ 20ስ? የተጣራውን ጭማሪ ለወጪው ጭማሪ ታካፍልና በመቶኛ ታስቀምጠዋለህ። ይህ ኅዳጋዊ የትርፍ ምጣኔ ይባላል። የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከሉ ሲሚት እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው መመሪያ ነው በአገራችን በሰፊው የሚሠራበት። በእሱ ልማድ የሙከራ ምርት ከገበሬው እጅ ስለሚበልጥ 10 በመቶ ይቀነሳል። ለገበሬው አዲስ የሆነ ነገር ደግሞ ቢያንስ 100 በመቶ ካልመለሰ አይመከርም፤ ማለትም ያወጣው ብር ተመልሶ ሌላ አንድ ብር ካልመጣ። ገበሬው ብር የለውም፤ ቢበደር ወለድ አለው፤ በረዶም አለ።

ጤፉን በዚያ ወቅት ዋጋ በኩንታል 3,000 ብር አስልተን የወጣው ይህ ነው። ገለባውን በሂሳቡ አላስገባንም።

| ኖራ በሄክታር | ገቢ (ብር) | የታተመው ወጪ | ትክክለኛው ወጪ |
|---|---|---|---|
| 0 | 29,700 | 0 | 0 |
| 10 ኩንታል | 37,800 | 1,000 | 2,800 |
| 20 ኩንታል | 41,850 | 2,000 | 5,600 |
| 30 ኩንታል | 43,740 | 3,000 | 8,400 |

በታተመው ወጪ ከ0 ወደ 10 ኩንታል ስትወጣ 8,100 ብር ታገኛለህ፤ ወጪህ 1,000 ብር ነው። ምጣኔው 710 በመቶ። ከ10 ወደ 20 ሲኬድ 305 በመቶ። ከ20 ወደ 30 ግን 89 በመቶ፤ ከ100 በታች ነው። ስለዚህ «20 ኩንታል ይመከራል» ብለን ጻፍን። አብስትራክቱም ላይ ገባ።

በትክክለኛው ወጪ ከ0 ወደ 10 ኩንታል 189 በመቶ ነው። አሁንም ያዋጣል። ከ10 ወደ 20 ስትወጣ ግን 4,050 ብር ለማግኘት 2,800 ብር ታወጣለህ። 1,250 ለ2,800 ሲካፈል 45 በመቶ። መስፈርቱን አላለፈም። ከ20 ወደ 30 ደግሞ 1,890 ብር ለማግኘት 2,800 ብር ማውጣት ነው፤ ኪሳራ። ምክሩ ከ20 ወደ 10 ወረደ። ዱሮ «ጥሩ ነው፣ ግን ለ100 ትንሽ ጎደለው» ያልነው 30 ኩንታል አሁን ከ20ው ያነሰ ትርፍ አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት፤ ወሬው ሲዞር ተቀላቅሎ ሰምቼዋለሁና። ባለ 20 ኩንታሉን ምክር የተከተለ ገበሬ ከሰረ ማለት አይደለም። ጎጃም ውስጥ በጥማድ እናስብ፤ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ይሆናል። በጥማድ ከ2.5 ኩንታል ወደ 5 ኩንታል የወጣ ሰው 700 ብር ጨምሮ 1,012 ብር ገደማ አግኝቷል። 312 ብር ተርፎታል። ግን ያንን 700 ብር ኖራ ባልገባበት በሁለተኛው ጥማዱ ላይ ቢያውለው 2,025 ብር ያመጣለት ነበር። ስህተታችን ያስከተለው ጉዳት ይኸው ነው። የኖራ እጥረት ባለበት አገር ቀላል አይደለም።

ለተባባሪ ጸሐፊዎቹ በዚያው ቀን ማታ ጻፍኩ። አራት ነን። ሁለቱ ወዲያው «ይታረም» አሉ። ሦስተኛው የሁላችንም ታላቅ ነው፤ ጋሼ ነው የምንለው። ደወለልኝ።

«ምርቱ አልተለወጠም አይደል?»

«አልተለወጠም ጋሼ።»

«ፒኤቹስ?»

«እሱም።»

«ታዲያ የኖራና የጤፍ ዋጋ በየዓመቱ ይለወጣል። ማን ነው የዚያን ዓመት ብር የሚያየው? በሚቀጥለው ጽሑፍ አስተካክለን እናልፈዋለን።»

ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። ማረሚያ ማለት ውርደት ተደርጎ በሚታይበት ጊዜ ያደገ ሰው ነው። ደግሞም ሐሳቡ ባዶ አልነበረም፤ ዋጋው በእርግጥ ይለዋወጣል። እኔም ካልኩሌተሬን አውጥቼ ነበር። ጤፍ በኪሎ 41 ብር ተኩል ቢገባ 20 ኩንታሉ 100 በመቶን ይነካል። የኖራው ዋጋ እንዳለ ሆኖ ማለት ነው። ጤፍ ደግሞ ከዚያ አልፎ ሄዷል። «በአሁኑ ዋጋ ምክራችን ይሠራል» ብሎ መጻፍ እንዴት ያጓጓል! ግን የአሁኑን የጤፍ ዋጋ ካስገባህ የአሁኑንም የኖራ፣ የመኪናና የጉልበት ዋጋ ማስገባት አለብህ። ያ ሌላ ጥናት ነው። ማረሚያው የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፤ ያኔ የጻፋችሁት ቁጥር በያኔው መረጃ ስንት መሆን ነበረበት?

በመጨረሻ ጋሼን የመለሰው የኔ ክርክር አይደለም። «ይታረም» ካሉት አንዷ ባልደረባችን «ጋሼ፣ አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ አይደል የሚባለው?» ስትለው ሳቀ። «በሉ ጻፉት» አለ። ስሙ ከማረሚያው ላይ አልወጣም።

ለዋና አዘጋጁ ከመጻፋችን በፊት አንድ ሥራ ነበረን። አንድ ስህተት የተገኘበት ሠንጠረዥ ሌላም ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ የኔን ፋይል ማንም እንዳይከፍተው ተስማማን። ባልደረባችን የመስክ መዝገቡንና ደረሰኞቹን ብቻ ይዛ በባዶ ኤክሴል ከመጀመሪያው አሰላችው። ከዚያ አስተያየን። ምርቱ ገጠመ፣ የአፈሩ ውጤት ገጠመ። ያልገጠመው የወጪው ዓምድና ከሱ የሚወጡት ሁለቱ፣ የተጣራ ጥቅሙና ምጣኔው ብቻ ናቸው። ሁለት ቀን ፈጀ። አዘጋጁ በኋላ በመጀመሪያ የጠየቀን ይህንኑ ነበርና መልሱ እጃችን ላይ ነበር።

ደብዳቤው ላይ የጽሑፉን መለያ ቁጥር፣ የተሳሳተውን ቀመር፣ የስህተቱን መንስኤ፣ የተሳሳተውንና የታረመውን ሰንጠረዥ ጎን ለጎን፣ በጽሑፉ ውስጥ የሚነኩትን ዓረፍተ ነገሮች በሙሉ በገጽና በመስመር አስገባን። የሚነኩት አራት ቦታዎች ናቸው፦ አብስትራክቱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሰንጠረዥ 5፣ ውይይቱ ላይ አንድ አንቀጽ፣ መደምደሚያው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር። ኤክሴሉንም አያያዝን።

አዘጋጁ ያነሳው ትልቁ ጥያቄ ማረሚያ ይበቃል ወይስ ጽሑፉ ይነሳ የሚለው ነበር። ኮፕ የሚባለው የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ መመሪያ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የሚታመን ጽሑፍ ውስጥ ትንሽ ክፍል በቅን ስህተት ከተበላሸ ይታረማል። ዋናው ግኝት የማይታመን ከሆነ ይነሳል። የኛ ዋና ግኝት የምርቱና የአፈሩ ነው፤ ርዕሱም ስለ ትርፍ አያወራም። ስለዚህ ማረሚያ ይበቃል ተባለ። ርዕሳችን «አዋጪው የኖራ መጠን» ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል በቀላሉ አናመልጥም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ ማረሚያውን ጻፍን። የመጀመሪያው ረቂቄ፣ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ እንዲህ ይል ነበር፦

«በሰንጠረዥ 5 ላይ አነስተኛ የመለኪያ ልወጣ ስህተት ተገኝቷል። የታረመው ሰንጠረዥ ከዚህ በታች ቀርቧል። ስህተቱ የጥናቱን አጠቃላይ መደምደሚያ አይለውጥም።»

ስጽፈው ውሸት የጻፍኩ አልመሰለኝም። «አጠቃላይ» የምትለው ቃል ታስታርቀኛለች ብዬ ነው፤ ኖራ ያዋጣል ብለን ነበር፣ አሁንም ያዋጣል። አዘጋጁ ግን መልሶ ላከው። «አነስተኛ» ላይ ሰርዞ «10 እጥፍ ነው» ብሎ ጽፏል። ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጎን ደግሞ አንድ ጥያቄ፦ «ገበሬው ስንት ኩንታል ይግዛ?»

አፈርኩ። ጥያቄው ትክክል ነበር። ጽሑፉን የሚከፍት ሰው የሚፈልገው ያንን ቁጥር ነው፤ የተለወጠውም እሱ ነው። ሰንጠረዡን አርሞ ትርጉሙን ሳይናገሩ ማለፍ አንባቢው ራሱ አስልቶ እንዲደርስበት መተው ነው። አብዛኛው አይደርስበትም። የታተመው እንዲህ ነው፦

«በሰንጠረዥ 5 የኖራ ግዥ ወጪ በስህተት ተሰልቷል። የኖራው መጠን በቶን፣ ዋጋው በኩንታል ሆኖ ሳለ ሁለቱ ያለ ልወጣ ተባዝተዋል፤ በዚህም የግዥ ወጪው ከትክክለኛው 10 እጥፍ አንሶ ቀርቧል። ሲታረም ኅዳጋዊ የትርፍ ምጣኔው ከ0 ወደ 1 ቶን 710% ሳይሆን 189%፣ ከ1 ወደ 2 ቶን 305% ሳይሆን 45% ነው። 3 ቶን ከ2 ቶን ያነሰ የተጣራ ጥቅም ስላለው ከንጽጽሩ ይወጣል። በዚህ ጥናት ዋጋዎችና በአንድ ወቅት ስሌት የ100% መስፈርትን የሚያሟላው 1 ቶን ብቻ ነው። 2 ቶን እንዲመከር የቀረበው መደምደሚያ አይጸናም። የምርትና የአፈር ውጤቶቹ አልተለወጡም። ጸሐፊዎቹ ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ስህተቱን ላመለከቱት የግብርና ባለሙያም ምስጋና ያቀርባሉ።»

«በአንድ ወቅት ስሌት» የምትለዋ ላይ ብዙ ተከራክረናል። ኖራ አንዴ ከገባ ለተከታታይ ዓመታት ይሠራል። ወጪው ለዓመታቱ ቢከፋፈል 20 ኩንታሉ ሊያዋጣ ይችላል። ይህን በሰፊው ጽፈን አሮጌውን ምክር በጓሮ በር ለማስገባት ፈልገን ነበር። የሁለተኛ ዓመት ምርት ግን አልለካንም። ስለዚህ የስሌቱን ወሰን በሦስት ቃል ጠቁመን አቆምን።

ማረሚያው ከስልኩ በኋላ በሦስት ወር ገደማ ታተመ። የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ዋናው ጽሑፍ ገጽ ላይ ወደ ማረሚያው የሚወስድ ማያያዣ አለ፤ ከማረሚያውም ወደ ዋናው። አሮጌው ፒዲኤፍ ግን እንዳለ ነው፤ አንዴ ያወረደው ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ የሚያርም የለም። እኛን የጠቀሱትን ጽሑፎች ፈልጌ ሁለት አገኘሁ። አንደኛው የጠቀሰው ምርቱን ስለሆነ አልነካሁትም። ሁለተኛው 305 በመቶውን ነው የወሰደው። ለጸሐፊዋ ጻፍኩላት። የመመረቂያ ጽሑፏ ገና አልተጠረዘም ነበርና አስተካከለችው።

ገበሬው ዘንድ የሚደርሰው ግን መጽሔቱ አይደለም። ወረዳው ከጽሑፋችን ወስዶ አንድ ገጽ የምክር ወረቀት በአማርኛ አባዝቶ ነበር፤ «ለጤፍ በሄክታር 20 ኩንታል ኖራ» የሚል። ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ጻፍን፤ በጥማድ አስልተን፣ ያለ መቶኛ። ይቀይሩታል ተባልን።

በኋላ ለሌላ ሥራ ወደዚያው ቀበሌ ሄጄ ነበር። የልማት ሠራተኛዋ ቢሮ ግድግዳ ላይ አሮጌው ወረቀት አሁንም ተለጥፏል። አዲሱ አልደረሳትም። 20ው ላይ በቀይ እስክርቢቶ ተሰርዞ 10 ተጽፎበታል። ከሥሩ ደግሞ በእጅ ጽሑፏ፦ «ለአንድ ጥማድ 2 ኩንታል ተኩል። ከደጀን ስትገዙ ደረሰኝ ያዙ።»